310 ሺህ ጊዜ የታየው ረከቦት ለምን 9 ብቻ ተሸጠ?

ወንድሜ አናጺ ነው። ኮልፌ ባለች ወርክሾፑ በርና ቁም ሣጥን ሲሠራ ቆይቶ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሚታጠፍ ረከቦት ይሠራል። እግሮቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ቡናው ሲያበቃ ከሶፋ ጀርባ ይቆማል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ላላቸው ሰዎች ብሎ ያሰበው ነው። ዋጋው 6,800 ብር። የእኔ ሥራ ለትንንሽ ነጋዴዎች ድረ ገጽ መሥራት ስለሆነ ለእሱም አንድ ላንዲንግ ፔጅ ሠራሁለት። ላንዲንግ ፔጅ ማለት ሰው ከቪዲዮ ወይም ከማስታወቂያ ተነሥቶ የሚያርፍበት፣ አንድ ዕቃ ብቻ የሚያሳይና አንድ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ገጽ ነው። የእኛ ገጽ የሚጠይቀው «ይዘዙ» የሚለውን ቁልፍ እንዲጫኑ ነበር።

ከዚያ ቲክቶክ ላይ የ52 ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቅን። ምንም ንግግር የለበትም። መላጊያው እንጨቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ፣ ፍቅፋቂው ሲወድቅ፣ ቫርኒሹ ሲቀባ፣ መጨረሻ ላይ ረከቦቱ ላይ ጀበና ቀርቦ ቡና ሲቀዳ ብቻ ነው የሚታየው። በ5 ቀን ውስጥ 310 ሺህ ጊዜ ታየ፤ 24 ሺህ ላይክ አገኘ። ከኮመንቱ ሥር «እጅህ ይባረክ» የሚለው አያልቅም። ሊንኩን ተጭነው ወደ ገጹ የገቡት 4,180 ሆኑ። ወንድሜ በሦስተኛው ቀን ለ60 ረከቦት የሚሆን እንጨት በዱቤ አመጣ።

አምስተኛው ቀን ላይ ከቲክቶክ መጥተው ከፍለው የወሰዱት 9 ሰዎች ነበሩ።

ያን ቀን ማታ ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጠን ተከራከርን። እሱ «ሰው እንዲህ ወዶት ካልገዛ ገጽሽ ነው የተበላሸው» አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው ላይክ ለማድረግ እንጂ 6,800 ብር ለማውጣት አቅም የለውም ብዬ አስቤ ነበር። ሁለታችንም ከፊሉን ብቻ ነበር ያየነው። ይህን የምጽፈው ቪዲዮው ታይቶለት ሽያጩ የቀረበት ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው፤ እኛ ምክንያቱን እንዴት እንዳገኘነው በዝርዝር ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ኮንቨርዥን ሬት የሚባለው ወደ ገጹ ከገቡት ውስጥ ስንቶቹ የተፈለገውን ነገር እንዳደረጉ የሚያሳይ መቶኛ ነው። የገዙትን ለገቡት አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው፤ ከዚህ የከበደ ሒሳብ የለውም።

```
9 ÷ 4180 × 100 = 0.22%
```

ማለትም ከ1,000 ሰው ሁለት ብቻ። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። ችግሩ ሰዎቹ ጋ ይሁን፣ ገጹ ጋ ይሁን፣ ዋጋው ጋ ይሁን ከውስጡ አይነበብም። ለመለየት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ሰዎቹን በመጡበት መንገድ መከፋፈል፣ ከዚያም ገጹ ላይ የሄዱበትን መንገድ በእርምጃ መቁረጥ።

የመጀመሪያው የሚሠራው በሊንኩ ነው። ቪዲዮውን ከመልቀቃችን በፊት ለየቦታው የተለያየ ሊንክ አዘጋጅቼ ነበር። ገጹ አንድ ነው፤ ከኋላው የተቀጠለችው ጽሑፍ ብቻ ትለያያለች።

```
https://example.com/rekebot?utm_source=tiktok&utm_medium=social
https://example.com/rekebot?utm_source=telegram&utm_medium=social
```

የገጹን ጎብኚዎች የሚቆጥርልኝ ጉግል አናሊቲክስ `utm_source` የሚለውን አንብቦ ማን ከየት እንደመጣ ለይቶ ያስቀምጣል። ይህን ያላደረገ ሰው የሚያየው የተደባለቀ ቁጥር ነው። በዚያው ሳምንት ወንድሜ 640 አባላት ባሉት የቴሌግራም ቻናሉ ላይም ሊንኩን ለጥፎ ነበር። ከዚያ 212 ሰዎች ገቡ፤ 10 ገዙ። 4.7 በመቶ መሆኑ ነው። ሁለቱን ደምሬ ባየው ኖሮ 19 ሽያጭ ከ4,392 ሰው፣ 0.43 በመቶ ይለኝና «ገጹ ደካማ ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ተለያይቶ ሲታይ ግን አንዱ ገጽ ለአንዱ ወገን ከሌላው ከ20 እጥፍ በላይ ይሸጣል።

የቴሌግራሞቹ ሰዎች እነማን ናቸው? ከሁለት ዓመት ወዲህ በር ያሠሩ፣ ቁም ሣጥን ያሠሩ፣ የእነሱ ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው። ወንድሜ በሰዓቱ እንደሚያደርስና ከተበላሸም መጥቶ እንደሚያስተካክል ያውቃሉ። ገጹ ላይ ያለውን ችግር ሁሉ ችለው የሚያልፉት ዕቃውን ለመግዛት ወስነው ስለገቡ ነው። ከቲክቶክ የመጣው ሰው ግን ከአንድ ደቂቃ በፊት ወንድሜ በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር። ለመዝናናት ተቀምጦ አንድ የሚያምር ነገር አየ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ተጫነ። የሁለቱም ጠቅታ አናሊቲክሱ ላይ «አንድ ጎብኚ» ተብሎ ይቆጠራል።

ሰዎቹ ለምን እንደመጡ ለማወቅ ኮመንቶቹን አነበብኩ። የመጀመሪያዎቹን 200 ወስጄ ደብተር ላይ በአራት ከፋፈልኳቸው። 121ዱ ምርቃትና አድናቆት ነበር። 38ቱ «ሪያድ ትልካላችሁ?»፣ «ዱባይ እንዴት ይደርሰኛል?»፣ «አሜሪካ አለ ወይ?» የሚሉ ናቸው። ዋጋ የጠየቁት 29 ነበሩ። የቀሩት 12 ሌላ ሌላ ወሬ ነው። እኛ የምናደርሰው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከ200 ሰው ለእኛ ገዢ ሊሆን የሚችልበትን ጥያቄ የጠየቀው 29 ብቻ ነው ማለት ነው። እነሱም ዋጋ የጠየቁት ቪዲዮው ላይ ዋጋ ስላልነበረ ነው። 24 ሺህ ላይክ የተሰጠው ለመላጊያው ድምፅና ለቡናው ነው፤ ያ እውነተኛ ፍቅር ነው፤ ግን ረከቦት የመግዛት ሐሳብ አይደለም።

አናሊቲክሱም ከገቡት ውስጥ 45 በመቶውን ከኢትዮጵያ ውጭ አሳየኝ፤ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ አሜሪካ፣ እስራኤል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ቪፒኤን የለመደ ሰው ብዙ ነው። ቪፒኤኑ ሳይጠፋ የገባ የሰሚት ነዋሪ ሪፖርቱ ላይ የኔዘርላንድ ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላል። በእኛ ዘንድ ካዘዙት አንዱ ስልኩ በ+251 የሚጀምር፣ ቤቱ ጎፋ የሆነ ሰው ነው፤ አናሊቲክሱ ግን ከጀርመን ገብቷል ይላል። ስለዚህ 45 የሚለውን ቁጥር ቃል በቃል አልወሰድኩትም። ከኮመንቶቹ ጋር ሳስተያየው ግን ብዙው ሰው በእርግጥም ከውጭ እንደነበረ አያጠራጥርም።

ይህ የሰዎቹ ጉዳይ ነው። የገጹን ለማየት መንገዱን ቆረጥኩት። አናሊቲክሱ ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየውን ጉብኝት ራሱ ለይቶ ያሳያል። ሰው ገጹን ወደ ታች ማንቀሳቀሱንም ይመዘግባል፤ ግን የሚመዘግበው ገጹን 90 በመቶ ሲወርድ ብቻ ስለሆነ ለእኔ አልበቃኝም። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ዋጋውን አይቷል ወይስ አላየም የሚለውን ነው። ለዚያ ይህችን ኮድ ቀድሜ ገጹ ላይ አስገብቼ ነበር፤ ዋጋው ያለበት ክፍል ስክሪኑ ላይ ሲታይ አንድ ጊዜ ትመዘግባለች።

```
const o = new IntersectionObserver(e => {
  if (e[0].isIntersecting) {
    gtag('event', 'price_seen');
    o.disconnect();
  }
});
o.observe(document.querySelector('#price'));
```

ከቲክቶክ የመጡት 4,180 ሰዎች መንገድ እንዲህ ሆኖ ወጣ። ከ10 ሰከንድ በላይ የቆዩት 1,340 ናቸው። ዋጋውን ያዩት 460። «ይዘዙ» የሚለውን የተጫኑት 118። ፎርሙን ሞልተው የጨረሱት 31። የከፈሉት 9።

ይህን ዝርዝር ሳይ መጀመሪያ የወደቀው የእኔ ሐሳብ ነው። ዋጋውን ካዩት 460 ሰዎች 118ቱ፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ «ይዘዙ» ብለው ተጭነዋል። 6,800 ብር ሰውን የሚያባርር ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ነበር የሚቀሩት። ሰው የቀረው ከዋጋው በፊትና ከቁልፉ በኋላ ነው። በተለይ የቆጨኝ የኋለኛው ነው፤ ዋጋውን አይተው፣ ወስነው፣ ቁልፉን ከተጫኑት ውስጥ 87 ሰዎች ፎርሙ ላይ ቀሩ። ለማየት ብቻ መጥቶ የሄደ ሰው ድሮም የእኛ አልነበረም፤ እነዚህ ግን ሊገዙ የቆረጡ ሰዎች ናቸው።

ቁጥሩ የት እንደቀሩ ነገረኝ፤ ለምን እንደቀሩ ግን አልነገረኝም። ለዚያ ቅዳሜ ዕለት የአክስቴን ልጅ ቤት ሄድኩ። ገጹን አይታው አታውቅም። ዋይፋዩን አጥፊው፣ በዳታ ሞክሪው፣ ረከቦት ልትገዢ እንደሆነ አስቢ አልኳትና አጠገቧ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠራ ሰው ዝም ማለት መቻል አለበት፤ አንዴ «እዚያ ጋ ተጫኚ» ካልን የምናየው ነገር የለም።

ቪዲዮውን ከፍታ ሊንኩን ተጫነች። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ትንሽ ጠብቃ «ኔትወርኩ ነው» አለችና ወደ ቲክቶክ ተመለሰች፤ አውራ ጣቷ ቀጣዩን ቪዲዮ ሊስብ ነበር። ሁለተኛ ሞከረች፤ በ12ኛው ሰከንድ አካባቢ ሥዕሉ ወጣ። ምክንያቱ የእኔ ነበር። ከላይ ያስቀመጥኩት ፎቶ 4.6 ሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 3 ሜጋቢት በሚያወርድ ዳታ ያ ፎቶ ብቻውን 12 ሰከንድ ይፈጃል። እኔ ገጹን የሞከርኩት ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ ነበር። ይህ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ ሙሉ በሙሉ አይታይም፤ አናሊቲክሱ መቁጠር የሚጀምረው የራሱ ኮድ ከተጫነ በኋላ ስለሆነ፣ ነጩን ስክሪን አይቶ ወዲያው የተመለሰ ሰው ከ4,180ው ውስጥም ላይኖር ይችላል።

ገጹ ሲከፈት ወደ ታች መውረድ ጀመረች። «ታሪካችን» የሚል ክፍል አለ፤ ስለ ወንድሜ፣ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ቡና ሥርዓት። ደጋግሜ ያሳመርኩት ጽሑፍ ነው። እሷ አንድም መስመር አላነበበችም። «ዋጋው የታለ?» አለች። አምስት ስክሪን ወርዳ አገኘችው። እዚህ አገር «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ሰውን አሰልችቶታል፤ ዋጋ ወዲያው ካላየ ሊደብቁኝ ነው ብሎ ያስባል።

«ይዘዙ» ብላ ተጫነች። ፎርሙ ወጣ፤ ሙሉ ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ከዚያም በባንክ የተከፈለበት ስክሪንሾት። ኢሜይሉ ላይ ቆመች። «ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነው የከፈተልኝ፤ ምን እንደሆነ አላውቀውም» አለችኝ። አልፋው ልትሄድ ስትል ገጹ በቀይ ከለከላት፤ ኢሜይሉን ግዴታ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደጠየቅሁ ሳስብ አንድም ቀን ለደንበኛ ኢሜይል ልከን አናውቅም። ደረሰኙንም ቀጠሮውንም የምናደርገው በስልክ ነው።

የሆነ ኢሜይል ሰጠኋትና ቀጠለች። ለመክፈል ከቲክቶክ ወጥታ የባንኳን መተግበሪያ ከፈተች፤ አስተላለፈች፤ ስክሪንሾት አነሣች። ተመለሰች። ፎርሙ ባዶ ነው። ስሟ የለም፣ ስልኳ የለም፣ ወረዳዋ የለም። ከቲክቶክ ላይ የተጫንነው ሊንክ የሚከፈተው በስልኩ ብሮውዘር ሳይሆን እዚያው መተግበሪያው ውስጥ ባለ መስኮት ነው። ሜሞሪው ትንሽ በሆነ ስልክ ላይ ሌላ መተግበሪያ ሲከፈት ያ መስኮት ተዘግቶ ሲመለሱ እንደ አዲስ ሊጭን ይችላል። የእኔ ገጽ ደግሞ የተጻፈውን የትም አያስቀምጥም ነበር። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና «እንግዲህ ደግሜ አልሞላም» አለች። ብሩ ወጥቷል፤ ትዕዛዙ አልደረሰም። ስንት ሰው እንዲህ ሆኖ እንደደነገጠ ሳስብ ያን ቀን ልቤ አዘነ። ማታ የወንድሜን የባንክ ሒሳብ አብረን አየን፤ ትዕዛዝ የሌላቸው ሁለት የ6,800 ብር ገቢዎች አገኘን። በባንኩ በኩል ሰዎቹን ፈልገን አንዱ ረከቦቱን ወሰደ፤ ለአንዷ ገንዘቧን መለስን። የወሰደውን ከላይ ካልኳቸው 9 ውስጥ አልቆጠርኩትም፤ ገጹ ሳይሆን እኛ ነን የሸጥንለት።

እንግዲህ ወንድሜም ልክ ነበር፤ ገጹ ተበላሽቶ ነበር። ግን ያው የተበላሸ ገጽ ለቴሌግራሞቹ 4.7 በመቶ ሸጧል። ስለዚህ ገጹን ብቻ ማስተካከል አይበቃም፤ ምን ዓይነት ሰው እንደምንጠራም መለወጥ ነበረብን።

ገጹ ላይ ያደረግሁት አምስት ነገር ነው። ፎቶውን 1,080 ፒክስል ስፋት አድርጌ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ቀየርኩት፤ ከ4.6 ሜጋባይት ወደ 180 ኪሎባይት ወረደ። ዋጋውን፣ «አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ» የሚለውንና የማድረሻ ቀኑን ከፎቶው ሥር፣ ሰው ሳይወርድ በሚያየው ቦታ አስቀመጥኩ። ታሪኩን ከታች አወረድኩት። ፎርሙን ወደ ሦስት አሳጠርኩ፤ ስም፣ ስልክና ሰፈር። ክፍያውን ደግሞ ዕቃው ሲደርስ አደረግነው፤ ለማያውቀው ሰው 6,800 ብር ቀድሞ መላክ ትልቅ እምነት ይጠይቃልና።

ከዚያ ሁለተኛ ቪዲዮ ሠራን። ሲጀምር «6,800 ብር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቤትዎ እናደርሳለን» የሚል ድምፅ አለ። የሚታየው የአንዲት ጎረቤታችን የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው፤ ረከቦቱ ተዘርግቶ ቡና ይፈላበታል፣ ከዚያ ይታጠፍና ከሶፋው ጀርባ ይገባል። ሲታጠፍ ውፍረቱ 12 ሴንቲ ሜትር መሆኑን በሜትር ለክተን አሳየን። እንደ መጀመሪያው አያምርም። የታየው 41 ሺህ ጊዜ ብቻ ነው። ወንድሜ በሁለተኛው ቀን ደውሎ «ይኼኛው ሞተ» አለኝ።

ወደ ገጹ የገቡት 890 ናቸው። ያዘዙት 21።

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ 21ን ለ890 አካፍዬ 2.4 በመቶ ልል ነበር። ግን የምቆጥረው ነገር ተቀይሯል። በፊት የምቆጥረው የከፈለን ሰው ነው፤ አሁን 21ዱ ገና ያልከፈሉ ናቸው። ሲደርስ ክፈሉ በሚባልበት ንግድ «ትዕዛዝ» እና «ሽያጭ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ21ዱ 17ቱ ተቀበሉ፤ አራቱ ወይ ስልክ አላነሡም ወይ በር ላይ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ለሞተር አድራሹ በጉዞ 350 ብር ስለምንከፍል የአራቱ 1,400 ብር ከእኛ ኪስ ወጣ። ትክክለኛው ስሌት 17 ለ890 ነው፤ 1.9 በመቶ። አሁን ከመላካችን በፊት እየደወልን እናረጋግጣለን፤ የማያነሣ ሰው ዕቃ አይወጣለትም።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብን ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ነው። 9 ሽያጭ፣ ምንም ሳይቀየር በሚቀጥለው ሳምንት 5 ወይም 13 ሊሆን ይችላል። እኔ የምጠቀመው ቀላል መለኪያ አለ፤ የሽያጩን ቁጥር ስኩዌር ሩት ወስዶ በሁለት ማባዛት፣ ያንን ወደ ላይም ወደ ታችም መዘርጋት። የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው፤ በሁለት ሲባዛ 6። ስለዚህ «9» ማለት በግምት ከ3 እስከ 15 ያለ ነገር ነው። «17» ደግሞ ከ9 እስከ 25 ነው። የመጀመሪያውን በጣም ጥሩ አድርገን 15 ብንለው እንኳ ከ4,180 ሰው 0.36 በመቶ ነው። ሁለተኛውን በጣም አሳንሰን 9 ብንለው ከ890 ሰው 1 በመቶ ነው። ሁለቱ አይገናኙም፤ ስለዚህ ለውጡ የአጋጣሚ አይደለም ብዬ ለወንድሜ መናገር ቻልኩ። ከአምስቱ የገጹ ለውጦችና ከቪዲዮው የትኛው ምን ያህል እንደጠቀመ ግን መለየት አልችልም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ነው የቀየርነው። በቀን አራት አምስት ዕቃ የሚሸጥ ሰው አንድ አንዱን እየለየ ለመፈተን ወራት ይፈጅበታል። እኛ ያንን ጊዜ አልነበረንም፤ የእንጨቱ ዱቤ እየደረሰ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለቲክቶኩ ቪዲዮ መመስከር አለብኝ። የገዛውን ሰው ሁሉ ስንደውል «መጀመሪያ የት ነው ያዩን?» ብለን እንጠይቃለን። በቴሌግራም ከገዙት 10 ሰዎች አራቱ መጀመሪያ ያዩት ቲክቶክ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወንድሜን የሚያውቅ ሰው ጠይቀው ቻናሉን አግኝተው ነው የገዙት። አናሊቲክሱ ይህን አያይም። ቲክቶክ ውስጥ በተከፈተው መስኮት ገጹን ያየና በማግሥቱ በክሮም የመጣ ያው ሰው ለእሱ ሁለት የተለያየ ሰው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሽያጭ 9 ሳይሆን 13 ነው ማለት ይቻላል፤ ያም ቢሆን 0.31 በመቶ ነው። መጥፎነቱን አያነሣም፤ ግን ቪዲዮው ከንቱ ነበር ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

ወንድሜ ከመቶኛው ይልቅ የገባው በብር ስነግረው ነው። ከአንድ ረከቦት የሚተርፈው 1,900 ብር ነው። በመጀመሪያው ቪዲዮ 9 ተሽጦ 17,100 ብር ተረፈ፤ ለ4,180 ሰው ስናካፍለው እያንዳንዱ የገባ ሰው 4 ብር አመጣ። በሁለተኛው የሞተሩ ኪሳራ ተቀንሶ 30,900 ብር ነው፤ ለ890 ሲካፈል ወደ 35 ብር። አንድ ሰው ያኔ የመጀመሪያውን ቪዲዮ በክፍያ እናስፋው ብሎ ነበር። በአንድ ጠቅታ ከ4 ብር በላይ ብንከፍል በእያንዳንዱ ሰው እንከስር ነበር። በሁለተኛው ግን 10 ብር ከፍለንም ይተርፈናል።

የቀረው የውጭዎቹ ነገር ነው። 38ቱን ኮመንት ለጻፉት ሰዎች ረከቦት ጭኖ መላክ አንችልም፤ ግን መልሼ ሳነባቸው ከመካከላቸው «ለእናቴ» የሚል ቃል የጻፉ አሉ። ለእነሱ የተለየ ገጽ ሠራን፤ ርእሱ «አዲስ አበባ ላሉት እናትዎ እናድርስልዎ» ይላል። ያዘዘው ሰው ለቤተሰቡ ብሩን ይልካል፤ እኛ ዕቃውን ስናደርስ ቤተሰቡ ይከፍላል። የመጀመሪያዋ ያዘዘችው ሪያድ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ዕቃውን ሽሮ ሜዳ ላሉት እናቷ አደረስን። እማማ በሩን ከፍተው ወንድሜን ሲያዩ «አንተ ነህ እንዴ በስልኩ ላይ ያየሁህ!» ብለው ቡና ሳትጠጣ አትሄድም አሉት፤ በራሱ ረከቦት ላይ አፈሉለት።

እስካሁን ወደዚያ ገጽ 74 ሰዎች ገብተው 3 ዕቃ ደርሷል። ሲካፈል 4 በመቶ ነው፤ ስኩዌር ሩቱ ሲዘረጋ ግን ከዜሮ እስከ 6 ይሄዳል። ስለዚህ ለወንድሜ ገና ምንም አላልኩትም፤ አዲስ እንጨት ግን እንዳያመጣ ነግሬዋለሁ።